ዜሮ ዓመት የለም፦ የዳንኤልን ሱባዔ ስንቆጥር

የተወደዳችሁ የጌታ ወገኖች፣ የትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 9 ጥናት በጀመረ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቁጥር 25 ከትእዛዙ መውጣት እስከ መሲሑ ድረስ 7 ሱባዔና 62 ሱባዔ ይላል። ድምሩ 69 ሱባዔ ነው፤ አንዱን ሱባዔ 7 ዓመት ብለን ስንቆጥር 483 ዓመት ይሆናል። ብዙ መምህራን ቆጠራውን የሚጀምሩት በዕዝራ ምዕራፍ 7 ከተጻፈው፣ ንጉሡ አርጤክስስ በነገሠ በ7ኛው ዓመት ከሆነው ነው። ይህንንም ከክርስቶስ ልደት በፊት 457 ላይ ያደርጉታል፤ መጨረሻውንም እ.ኤ.አ. 27፣ ጌታ በተጠመቀበት ዘመን ያሳርፉታል። ታዲያ አንድ ወንድም ወረቀት አውጥቶ 457 እና 27 ይደምርና 484 ያገኛል። «አንድ ዓመት ተረፈ፤ ወይ ዳንኤል ተሳስቷል፣ ወይ እናንተ» ይላል።

ዳንኤል አልተሳሳተም፣ ወንድማችንም መደመር ያውቃል። ያላስተዋለው አንድ ነገር ቢኖር፣ በሁለቱ ዘመናት መካከል ዜሮ የሚባል ዓመት አለመኖሩን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1 ዓመት ባለቀ ማግስት የሚጀምረው 1 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ከጌታ ልደት ጀምሮ እንዲቆጠር ያደረገው መነኩሴ ዲዮናስዮስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሠራ ዓመታቱን ከአንድ ጀመረ፤ በሮማውያን ቁጥር ዜሮ የሚጻፍበት ምልክት አልነበረም። ከልደት በፊት ያለውን ዘመን ወደ ኋላ የቆጠሩት ደግሞ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው፤ እነርሱም ከአንድ ጀመሩ።

የጉና ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለት ማሳዎች ተጎራብተው በመካከላቸው የወሰን ድንጋይ ቢቆም፣ ድንጋዩ ሦስተኛ ማሳ አይሆንም። ከድንጋዩ በላይ ያለው የመጀመሪያው ማሳ «አንድ»፣ ከድንጋዩ በታች ያለውም «አንድ» ቢባል፣ ከላይኛው አንድ ወደ ታችኛው አንድ ለመሄድ የምንሻገረው አንድ ወሰን ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ «ሁለት» የሚል ሰው ድንጋዩን ማሳ አድርጎ ቆጥሮታል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፦ የፊተኛውን ዓመትና የኋለኛውን ዓመት ደምር፣ ከዚያ 1 ቀንስ። 457 እና 27 ሲደመሩ 484፣ 1 ሲቀነስ 483። ይህም ከዓመቱ ወር እስከዚያው ወር ሲቆጠር ነው፤ ከበልግ ወደ መኸር ወይም ከመኸር ወደ በልግ ከሆነ የወራቱ ልዩነት ይጨመርበታል ወይም ይቀነስበታል።

ይህን ለማመን የሚከብደው ሰው ካለ፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ በሚገኙ የአብነት ትምህርት ቤቶች በባሕረ ሐሳብ የሚታወቀውን ዓመተ ዓለም ይመልከት። በዚያ አቆጣጠር ዘመኑ ወደ ኋላ አይቆጠርም፤ ከፍጥረት ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። 5500 ዓመት ተፈጽሞ ዓመተ ምሕረት ሲጀምር 1 ዓ.ም. 5501ኛው ይሆናል፤ 2018 ዓ.ም. ደግሞ 7518ኛው ነው። ይህን ለ4 ሲያካፍሉት 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ይባላል። ይህንኑ መሰላል ለእኛ ጥያቄ እንዋሰው፤ ልደት ወሰን እንዲሆን ብቻ ነው የምንፈልገው። ከልደት በፊት 1 ዓመት 5500፣ 2 ዓመት 5499፣ እንዲህ እያለ 457 ዓመት 5044 ላይ ይወርዳል። 27 ደግሞ 5527 ላይ ነው። ከ5527 ላይ 5044 ቢቀነስ 483 ይመጣል። መሰላሉ ወደ ላይ ብቻ ስለሚወጣ ዜሮ የሚፈልግ ቦታ የለበትም፤ የምንቀንሳት 1 ከዚህ የመጣች ናት።

ነገር ግን በኛ አገር ከዚህ የባሰ ስሕተት አለ፤ እርሱም ሁለት የዘመን አቆጣጠር መቀላቀል ነው። 457 የምዕራቡ አቆጣጠር ነው። የእኛ ከእርሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዘገያል፤ ስለዚህ ከልደት በኋላ ያለውን ዓመት ወደ እኛ ስንመልስ እንቀንሳለን፣ ከልደት በፊት ያለውን ግን እንጨምራለን። ከመስከረም በፊት ያለው 457 በእኛ 465 ነው፤ 27 ደግሞ 19 ይሆናል። 465 እና 19 ተደምሮ 1 ሲቀነስ እንደገና 483። ሁለቱንም ጫፎች በአንድ አቆጣጠር ካስቀመጥናቸው ምንም አይጠፋም፤ አንዱን ጫፍ ከምዕራቡ፣ ሌላውን ከእኛ ከወሰድን ግን ከሰባት ዓመት በላይ ሊጠፋን ይችላል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ደብረ ታቦር የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል የሠራባት ከተማ ስለሆነች፣ 1844 የሚለው ቁጥር በአካባቢያችን አዲስ አይደለም። የዚያ ቁጥር ታሪክ ይህን የዜሮ ነገር በግልጽ ያሳያል። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬና የባፕቲስት ሰባኪ፣ የዳንኤል 8:14ን 2300 ማታና ጠዋት 2300 ዓመት ብሎ ከ457 ጀመረ። 2300 ላይ 457 ሲቀነስ 1843 መጣለት፤ የጌታን መምጣትም ከመጋቢት 1843 እስከ መጋቢት 1844 እ.ኤ.አ. ድረስ ጠበቀ። ዓመቱ አለፈ። ከተከታዮቹ መካከል ዜሮ ዓመት አለመኖሩን ያስተዋሉ ነበሩ፦ 457 እና 1843 ተደምረው 1 ሲቀነስ 2299 ብቻ ነው፤ 2300 የሚሞላው 1844 ሲደርስ ነው። ቆጠራው ታረመ፣ ቀኑም ጥቅምት 22 ቀን 1844 ተባለ፤ በእኛ ጥቅምት 1837 መሆኑ ነው። ድንቻቸውን ሳይቆፍሩ በማሳ ላይ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ያ ቀንም አለፈ፤ ጌታ አልመጣም።

ወገኖቼ፣ ሁለተኛው ሒሳብ ልክ ነበር። ያች 1 በትክክል ተቀንሳለች። ሒሳብ ግን የሚነግረን በሁለት ጫፎች መካከል ስንት ዓመት እንዳለ ብቻ ነው፤ ጫፎቹ የት እንደሆኑ ወይም ትንቢቱ ስለ ምን እንደሚናገር አይነግረንም። የዕዝራን ጉዞ በ458 የሚያደርጉ አሉ፤ በነህምያ ምዕራፍ 2 ከንጉሡ 20ኛ ዓመት፣ ማለትም ከ445 ወይም ከ444 የሚጀምሩም አሉ። እነዚህ ምርጫዎች ቃሉን በመመርመር የሚፈቱ ናቸው፤ በመደመርና በመቀነስ አይፈቱም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ከመድረክ ላይ የዓመት ቁጥር የሚናገር አገልጋይ ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፦ መነሻው ከየትኛው ጥቅስ ነው፣ በየትኛው አቆጣጠር ነው፣ ያች 1 ተቀንሳለች? ጉባኤው ቆጥሮ ማረጋገጥ ካልቻለ ቁጥሩ አይነገር። ዳንኤልን በአንድ ዓመት የሚከስስ ሰው ካለም በቁጣ ሳይሆን በትዕግሥት የወሰን ድንጋዩን ያሳዩት። ጌታ የሚመጣበትን ቀን ለማግኘት ግን ይህን ሒሳብ የሚጠቀም ሁሉ፣ ስለዚያች ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቅ ጌታ ራሱ እንደተናገረ ያስታውስ። በማርቆስ 13:32 ተጽፎአል። ዜሮውን በትክክል ማስተናገድ ያንን ቃል አይሽረውም።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።