ለሕፃናት የሚሰጠው የትል መድኃኒት፤ መጠኑና የዕድሜው ወሰን

የሆድ ትል በአገራችን ሕፃናት ዘንድ የተለመደ ደዌ ነውና፥ ወላጆች ለልጃቸው የትል መድኃኒት መስጠትን እንደ ከባድ ነገር አይቈጥሩትም። መድኃኒቱም በእውነት መልካም ነው፤ ዋጋው ቀላል፥ አወሳሰዱም የአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ገና ትምህርት ቤት ላልገባ ሕፃን ሲሰጥ፥ በስንት ወሩ ሊጀመር እንደሚገባና ምን ያህል እንደሚበቃው ሳይመረመር የቀረ እንደ ሆነ፥ ከትሉ ይልቅ ኪኒኑ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ይህንኑ አንድ ነገር ብቻ እናስረዳለን።

አስቀድሞ መድኃኒቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ ከቤት የሚውሉበት ትል ከጥሬ ሥጋ የሚገኘው ረጅሙ ትል ነው፤ ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለው፥ እዚህ የምንናገርለት የአንድ ቀን ኪኒንም ለርሱ አይበቃም። (ኮሶን ለሕፃን ማጠጣትስ ከቶ የማይታሰብ ነው፤ አዋቂውን እንኳ እንዴት እንደሚያዳክመው የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል።) የሕፃናቱ ትል ግን ከአፈር የሚመጣው ወስፋትና ዘመዶቹ ናቸው። የወስፋት እንቍላል ከዓይነ ምድር ወደ አፈር ይገባል፤ ሕፃኑ መሬት ሲዳስስና እጁን ወደ አፉ ሲያደርስ ይውጠዋል። መንጠቆ ትል የሚባለው ደግሞ በባዶ እግር ቈዳ በኩል ይገባል። ለእነዚህ ትሎች የሚሰጡት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ አልቤንዳዞል፥ ሁለተኛው ሜቤንዳዞል ይባላሉ። ስማቸው ተቀራራቢ ቢሆንም የአሰጣጥ ደንባቸው አንድ አይደለምና፥ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መስጠት አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ እንደሚከተለው ነው። ዕድሜው 12 ወር ላልሞላ ሕፃን ከሁለቱ አንዱም በዕደላ አይሰጥም። ከ12 ወር እስከ 23 ወር ላለው፥ አልቤንዳዞል የሆነ እንደ ሆነ ግማሽ ኪኒን፥ ይኸውም 200 ሚሊግራም ይሰጣል። 24 ወር ከሞላው ጀምሮ ሙሉው 400 ሚሊግራም ነው። ሜቤንዳዞል ግን ከ12 ወር ጀምሮ 500 ሚሊግራሙ ሙሉውን ይሰጣል እንጂ ለታናሹ አይከፈልም። በዚህም ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ አልቤንዳዞል ለሕፃን እንደሚከፈል የሰማ ሰው ሜቤንዳዞሉንም ከፍሎ ይሰጥና ትሉን ሳይገድል ይቀራል።

ወሰኑ በዓመት ላይ የተተከለበት ምክንያት አለው። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባና በእቅፍ ላይ ነውና ትል የሚያገኘው እምብዛም ነው፤ ስለዚህ ከመድኃኒቱ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። በሌላው ወገን መድኃኒቱን የሚለውጠው ጉበት ገና አልጠነከረም፤ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ሜቤንዳዞል ወስደው የሚጥል መንቀጥቀጥ እንደ ደረሰባቸውም፥ እጅግ ጥቂት ጊዜ ቢሆን፥ ተጽፎ ይገኛል። ጥቅሙ ትንሽ፥ አደጋውም ያልተመዘነ ሲሆን መተው ይሻላል። ቀድሞ ወሰኑ ከዚህም ከፍ ያለ፥ ሁለት ዓመት ነበረ፤ በ2002 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጄኔቭ የተሰበሰቡት ሐኪሞች ነገሩን መርምረው፥ ትል በሚበዛበት አገር ከ12 ወር ጀምሮ መስጠት ይቻላል ብለው ዝቅ አደረጉት። በኢትዮጵያ በተለመደው ዕደላ ግን መድኃኒቱ የሚሰጠው ከ24 እስከ 59 ወር ላሉት ሕፃናት፥ በየስድስት ወሩ ነው። ስለዚህ በአንድና በሁለት ዓመት መካከል ያለ ሕፃን ከሰልፉ ቢመለስ ተበደልን ማለት አይገባም፤ ትል እንዳለበት የተጠረጠረ እንደ ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ በባለሙያ እጅ ግማሹን ማሰጠት ነው።

አሁን ስሕተቱ የሚገባበትን በር እንመልከት። በሽታ መከላከያ ሆኖ የሚታደለው ቫይታሚን ኤ የሚጀመረው ከ6 ወር ነው፤ ብዙ ጊዜም ከትል መድኃኒት ጋር በአንድ ቀንና በአንድ ጠረጴዛ ይሰጣል። ስለዚህ ገና ያልዳኸው ሕፃን በተገቢው ምክንያት ተሰልፎ ሳለ፥ ኪኒኑም እግረ መንገዱን ሊደርሰው ይችላል። ሁለተኛውና የባሰው በር የእኛው የዕድሜ አነጋገር ነው። እናት «ልጄ ሁለት ዓመቱን ይዟል» ስትል፥ አንድ ዓመቱን ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል ማለትዋ ነው። መዝጋቢው ግን «ሁለት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ይጽፋል፤ ግማሽ ኪኒን ለሚበቃው ልጅ ሙሉው ይሰጠዋል።

ለምሳሌ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ዕደላ ሆነ እንበል። አንዲት እመቤት ሁለት ልጆቿን ይዛ፥ ታናሽ እኅቷም ሕፃኗን አዝላ መጡ። ታላቁ ልጅ መስከረም 2014 የተወለደ ነውና አራት ዓመት ካለፈው ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል፤ ሙሉ ኪኒን ይወስዳል፥ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ታናሹ የተወለደው በሚያዝያ ጊዮርጊስ፥ ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ነው። እናቱ «ሁለት ዓመቱን ይዟል» ትላለች። ቢቈጠር ግን ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓመት ሞላው፤ ከዚያ እስከ ጥቅምት 23 ስድስት ወር ነው፤ ስለዚህ ልጁ 18 ወር ከጥቂት ቀን እንጂ 24 ወር አይደለም። በዕደላው አያገባውም፤ ጤና ጣቢያ ቢታዘዝለትም አልቤንዳዞሉ ግማሽ ነው።

የእኅቲቱ ሕፃን የተወለደው በታኅሣሥ ገብርኤል፥ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ነው። እናቱ ወሮቹን በጣቷ ስትቈጥር ከታኅሣሥ እስከ ኅዳር በስማቸው ትጠራለች፤ ጳጉሜንንም አንድ ብላ ትጨምራለች፥ አሥራ ሦስትም ታገኛለች። «ዓመት አልፎታል» ብላ ብትናገር ስለ ዋሸች አይደለም። ነገር ግን ጳጉሜን ወር ሳትሆን አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት፤ የተወለደበት ወርና ገና ያልተፈጸመው ወርም እንደ ሙሉ ሊቈጠሩ አይገባም። በእውነተኛው ቈጠራ ጥቅምት 19 ቀን አሥር ወር ሞላው፤ ዓመት የሚሞላው ገና በታኅሣሥ ነው። ለዚህ ሕፃን ቫይታሚኑ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ በዕደላ ቀን «ስንት ዓመቱ ነው» ተብሎ ከመጠየቅ «በየትኛው ዓመት፥ በየትኛው ወር፥ በምን ቀን ተወለደ» ተብሎ መጠየቅ ይበልጣል። የክትባት ካርድ ያለው ሰውም ይዞ ይምጣ።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ አወሳሰዱ ይቀራል፤ እውነቱን ለመናገር ሕፃናትን የገደለው ይህ እንጂ መጠኑ አይደለም። በ2007 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዚሁ በአገራችን በተደረገ የትል መድኃኒት ዕደላ፥ ዕድሜያቸው ከ36 ወር በታች የሆነ አራት ሕፃናት ትልቁን የአልቤንዳዞል ኪኒን ለመዋጥ ሲሞክሩ አንቋቸው ሞቱ። መርዝ ሆኖባቸው አልነበረም፤ ጉሮሯቸውን ዘግቶባቸው ነው እንጂ። ስለዚህ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ኪኒኑ ሳይደቅ ከቶ አይሰጥም። ግማሽ የታዘዘ እንደ ሆነ አስቀድሞ በመካከሉ ይከፈላል፤ ከዚያ ግማሹ በንጹሕ በታጠፈ ወረቀት ውስጥ ገብቶ በጠርሙስ ይደቃል። ሙሉውን አድቅቆ ዱቄቱን በዓይን ግምት ማካፈል መጠኑን ያዛባል። ዱቄቱ በማንኪያ በጥቂት ንጹሕ ውሃ ይበጠበጥና ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሳለ ይሰጠዋል። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነው ልጅ ኪኒኑን እያላመጠ ይብላ፤ ሰጪውም ልጁ ጨርሶ እስኪውጥ ድረስ ከፊቱ አይለይ። በውሃ የሚለሰልስ የሜቤንዳዞል ኪኒንም አለ፤ በማንኪያ ላይ ጥቂት ውሃ ሲፈስበት በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ገንፎ ይሆናል፤ ላልጠነከረ ጥርስ ይህ እጅግ ይመቻል።

በአያቶች ዘንድ ሕፃንን ቅቤ ወይም መድኃኒት መጋት የታወቀ ልማድ ነው። አፍንጫውን ይዞ፥ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ በሚያለቅስ አፍ ውስጥ ማፍሰስ ግን ለዚህ መድኃኒት ከሁሉ የከፋ አሰጣጥ ነው፤ የሚያለቅስ ሕፃን አየር ሲስብ ዱቄቱንም ወደ ሳንባው ይስበዋልና። ልጁ እምቢ ካለ ይተው፤ ሌላ ቀን ይሰጠዋል። ትል ለአንድ ሳምንት ቢቈይ አይገድልም።

ያነቀው ሕፃን እንዴት ይታወቃል ቢሉ፥ ድምፁ ይጠፋል፤ ማሳልም ማልቀስም ያቅተዋል፤ ከንፈሩ ይጠቍራል። እያሳለ ያለ ልጅ ገና አየር ያገኛልና እንዲያስል ይተዋል። ድምፁ የጠፋውን ግን ወደ ፊት አጐንብሶ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ በኃይል መምታት ነው። ይህ ካልረዳ ከኋላው ሆኖ ከእምብርቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ መጫን፥ ሁለቱንም እያፈራረቁ መድገም፤ በዚያውም ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። የማይታየውን ኪኒን በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ትኩሳት ያለበት ወይም ብርቱ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሕፃን እስኪሻለው ድረስ ይቈያል። ሆዱ ተነፍቶ፥ እያስታወከ፥ ዓይነ ምድሩ የተቋረጠበት ሕፃን ደግሞ ወስፋቱ አንጀቱን ዘግቶት ሊሆን ይችላልና፥ ኪኒን ሳይሰጠው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጤነኛው ልጅ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ጥቂት ሆድ ቁርጠት ወይም ማቅለሽለሽ ቢሰማው፥ ትልም ቢወጣው የሚያስደነግጥ አይደለም። ትል ሳይታይ ቢቀርም መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለምና፥ በማግስቱ ሁለተኛ ኪኒን አይጨመርለትም፤ የሚቀጥለው ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ነው።