በራሱ ጉዳይ ማንም ዳኛ ሊሆን አይገባም



መንግሥት ያወጣው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ቢጋጭ ማን ይሽረዋል? በብዙ አገሮች ይህ የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። በእኛ አገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቶታል። ጥያቄው በቅድሚያ 11 አባላት ወዳሉት አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልጋል ብሎ ሲያምን የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ምክር ቤቱ ነው። የምክር ቤቱን አባላት የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ክልሎችን የያዘ ፓርቲ ሕገ መንግሥት ተርጓሚውንም ይይዛል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በ2012 ዓ.ም. ሁላችንም አይተናል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ተራዘመ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 27 ቀን ጉዳዩን ለትርጉም መራው። አጣሪ ጉባኤው የሕግ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን ፊት አከራከረ፤ ይህን በበጎ እናነሣዋለን። ሰኔ 3 ቀን ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ የምክር ቤቶችን የሥራ ዘመን አራዘመ። ከተራዘመው ውስጥ የራሱ የምክር ቤቱ ዘመን ይገኝበታል! በሽታው እውነት ነበር፤ ሕገ መንግሥቱም እንዲህ ላለው ችግር ግልጽ መልስ አልነበረውም። እኛ የምንቃወመው ተጠቃሚው ራሱ ፈራጅ መሆኑን ነው።

ገዥዎች «ያልተመረጠ ዳኛ የሕዝብ ተወካይ ያወጣውን ሕግ እንዴት ይሽራል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የብዙኃኑን ድምፅ የሚገታ ተቋም የሚባለውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ብዙኃኑ በምርጫ የሚያሸንፈው የማስተዳደርን ሥልጣን እንጂ የተሸናፊውን መብት አይደለም። ምርጫን የማራዘም ሥልጣን በአሸናፊው እጅ ከሆነ ደግሞ የዛሬው ብዙኃን ነገም ብዙኃን ስለመሆኑ በምን ይታወቃል?

የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 የሞት ቅጣትን ሲሽር ብዙ ሰው ቅጣቱን ሊደግፍ እንደሚችል አልካደም። የመብት ጥያቄ በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ባላስፈለገ ነበር።

ፍርድ ቤት ጦር የለውም፤ ዳኞቹን ፓርቲ ብቻውን ከሾማቸውም ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ድርጅታችን የሚታገለው ዳኞቹ ተቃዋሚዎች ባሉበት ኮሚቴ ታጭተው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለአንድ የማይታደስ ዘመን የሚሾሙበት ነጻ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ነው። በቁጥር አነስተኛ የሆነ ሕዝብም፣ በምርጫ የተሸነፈ ፓርቲም የሚጠለልበት ቤት ይኸው ነው። እኛም ብናሸንፍ ይኸው ፍርድ ቤት ይግታን!