«ሽንትህ ነጻ ነው»

በኮልፌ ቀራንዮ የስኳር ክትትል ያለበትን ሰው ስለ ኩላሊቱ ብትጠይቁት፣ ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ወገቤን አያመኝም፤ ሽንቴም ነጻ ነው ተብያለሁ» የሚል ነው። ስኳር ኩላሊትን ሲጎዳ ለዓመታት ሕመም ስለማይሰማ፣ የወገቡ ነገር ማስረጃ አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ «ነጻ» የሚለው ውጤት ነው።

ይህን ውጤት የሚሰጠው ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚታየው ስትሪፕ ነው። ስትሪፑ ፕሮቲን መኖሩን በደንብ የሚያሳየው በአንድ ሊትር ሽንት 300 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ ነው። ከደም ወደ ሽንት እምብዛም ማለፍ የማይገባው አልቡሚን ግን የኩላሊት ማጣሪያዎች መጎዳት ሲጀምሩ ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ያልፋል። የደም ክሬቲኒንም ቢሆን ቶሎ አይናገርም። የተረፉት ማጣሪያዎች ስለሚያካክሱ፣ የማጣራት አቅሙ ግማሽ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ ቁጥሩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

አጠና ተራ እንጨት ተሸክሞ የሚያድር አንድ ስኳር ታማሚ እናስብ። ጠዋት የሰጠው ሽንት በሊትር 90 ሚሊግራም አልቡሚንና 1.5 ግራም ክሬቲኒን አለው። ብዙ ውኃ ጠጥቶ ከሰዓት ቢሰጥ ሽንቱ ይቀጥንና አልቡሚኑ 30፣ ክሬቲኒኑ 0.5 ይሆናል። አልቡሚኑን ብቻ ያየ ሰው ሰውየው የተሻለው ይመስለዋል። ክሬቲኒን ግን ከጡንቻ ሳያቋርጥ ስለሚወጣ ከውኃው ጋር አብሮ ይቀጥናል። አልቡሚኑን ለክሬቲኒኑ ብናካፍል ሁለቱም ጊዜ ለአንድ ግራም 60 ሚሊግራም ይመጣል። ጤነኛው ከ30 በታች ነው። ስትሪፑ ግን ይህን ሰው በሁለቱም ሰዓት «ነጻ» ብሎ ይሸኘዋል።

60 ስለመጣ ብቻ ግን ኩላሊቱ ተጎድቷል አይባልም። ከባድ ሸክም፣ ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ፣ በጣም የጨመረ ስኳር ወይም ግፊት ቁጥሩን ለጊዜው ያንረዋል። ስለዚህ ተሸካሚው አንድ ቀን ከሸክም አርፎ የጠዋት ሽንቱን ይስጥ፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ከተሰጡ ሦስት ናሙናዎች ሁለቱ ከ30 በላይ ከሆኑ ነው የሚታመነው። ጡንቻው የሟሸሸ አዛውንት ላይ ደግሞ ክሬቲኒኑ ስለሚያንስ ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ሊል ይችላል።

አልቡሚኑን ለክሬቲኒኑ የሚያካፍለው ምርመራ ዓይነት ሁለት ስኳር በታወቀ ዕለት፣ ከዚያም በየዓመቱ መደረግ አለበት። ታማሚው ግን ይህ ምርመራና ስትሪፑ እንደሚለያዩ የሚነግረው ካላገኘ ከየት አምጥቶ ይጠይቃል? ወረቀቱን የሚሰጠው ባለሙያ «ነጻ» የተባለው በስትሪፕ መሆኑን ቢነግረው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። በ60 ላይ የተደረሰበት ሰው ግፊቱና ስኳሩ ይስተካከላል፤ እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒትም ይጀመርለታል። መድኃኒቱ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለውን ግፊት ያረግባል፣ የሚያመልጠውንም አልቡሚን ይቀንሳል፤ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ግን ፖታሲየሙና የደም ክሬቲኒኑ መታየት አለባቸው።