አሥራ ሦስቱ አባወራዎች

የማስተርስ ጥናቴን የገመገሙት የውጭ ገምጋሚ የጻፉልኝ ሪፖርት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ጥሩ ሥራ ነው። ቋንቋው ተስተካክሎ ይለፍ» ይላል። በደስታ ተቀበልኩት። ቋንቋ ላስተካክል ብዬም አንድ ሳምንት ሙሉ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ስለቅም ሰነበትኩ። ከዓመታት በኋላ አንዲት ተማሪዬ ጥናቱን አንብባ «መምህር፣ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ድምርና ጽሑፉ ላይ ያለው ለምን አይገናኙም?» ስትለኝ ነው ስህተቱን ያየሁት። ያ ጥራዝ ዛሬም ከነስህተቱ መደርደሪያ ላይ አለ። ሳስበው አሁንም ይቆረቁረኛል።

አሁን እኔም የውጭ ገምጋሚ ሆኜ እጠራለሁ። የሪፖርቱን ማጠር አልቃወምም። «በጥቃቅን ማስተካከያ ይለፍ» የሚል ሪፖርት ከግማሽ ገጽ ባያልፍ ደስ ይለኛል። የምቃወመው ተማሪው ምኑን እንደሚያስተካክል የማያውቅበትን ሪፖርት ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። ቀጥሎ የማነሣው ጥናት የማንም ተማሪ ሥራ አይደለም፤ በየጥናቱ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ስህተቶች አንድ ላይ አምጥቼ፣ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ያሰናዳሁት ነው። ቦታውን ግን ከመካነ ሰላም ዙሪያ ወሰድኩ። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋና ቆላው በጣም ስለሚቀራረብ የናሙና ጥያቄ እዚያ ፈጥጦ ይታያል። በደንቆሮ ጫካ በኩል ብርድ የሚቆረጥመው ደጋ አለ፤ በዚያው አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወድቃል።

የጥናቱ ርእስ «በቦረና ወረዳ አርሶ አደሮች እርከን እንዲሠሩ የሚያደርጓቸው ምክንያቶች» ነው እንበል። አጥኚው ሦስት ቀበሌ መረጠ። በቀበሌዎቹ መዝገብ 3,000 አባወራና እማወራ አለ። የናሙናውን ብዛት ያወጣው ተማሪዎቻችን ሁሉ በሚያውቁት፣ ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመው የስታቲስቲክስ መጽሐፉ ባስቀመጠው ቀመር ነው፦

n = N / (1 + N(e)²)

የስህተት ወሰኑ 0.05 ሲሆን 3,000 ለ8.5 ይካፈልና 353 ይወጣል። ለሦስቱ ቀበሌዎች እንደ ነዋሪያቸው ብዛት ሲደለደል 141፣ 118 እና 94 ይደርሳቸዋል። ድምሩ 353 ነው፤ እስከዚህ ትክክል ነው።

መጠይቁ የተሞላው ግን በ340 ሰዎች ነው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። በአጨዳ ወቅት የሄደ አጥኚ ሰው ቤቱ ባያገኝ አይደንቅም። ሠንጠረዡ ከ340ዎቹ 205ቱ እርከን ሠርተዋል፣ ይኸውም 60.3 በመቶ ነው ይላል። አኅጽሮቱ ላይ ስደርስ ግን 58.1 በመቶ ይላል። እርሳሴን አነሣሁ፤ 205 ለ353 ሲካፈል በእርግጥም 58.1 ይመጣል። አጥኚው አንዴ ለተገኙት፣ አንዴ ለታቀዱት አካፍሏል ማለት ነው።

ብዙ ገምጋሚዎች እዚህ ላይ «ቁጥሮቹ ይናበቡ» ብለው ያልፋሉ። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ለ353 ማካፈል ማለት ያልተገኙትን 13 ሰዎች እርከን አልሠሩም ብሎ መመዝገብ ነው። ማንም ያልጠየቃቸው ሰዎች መልስ ተሰጠላቸው። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሼ 13ቱ ከየትኛው ቀበሌ እንደጎደሉ ፈለግሁ። በየቀበሌው የተሞላው መጠይቅ 141፣ 118 እና 81 ነው። ሁሉም የጎደሉት ከሦስተኛው ቀበሌ፣ ከሦስቱ ከመንገድ ራቅ ከሚለው ነው። ድካም ይሁን ዝናብ፣ አጥኚው ወይም መጠይቅ አስሞዪው የመጨረሻዎቹ ቤቶች ድረስ አልዘለቀም።

ይህ ጥቃቅን ነው ወይስ ከባድ? ስሜቴን ሳይሆን ስሌቱን እጠይቃለሁ። 13ቱም እርከን አልሠሩም ብንል ውጤቱ 58.1 ይሆናል። 13ቱም ሠርተዋል ብንል 218 ለ353 ይካፈልና 61.8 ይመጣል። የናሙናው እውነት የትም ቢያርፍ በሁለቱ መካከል ነው። «ከግማሽ የሚበልጡት እርከን ሠርተዋል» የሚለው ማጠቃለያ በሁለቱም በኩል ይቆማል። ስለዚህ ጥቃቅን ነው። የጎደሉት 13 ሳይሆኑ 90 ቢሆኑ ኖሮ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ግምት ተራርቀው ማጠቃለያው መቆሚያ ሊያጣ ይችል ነበር፤ ያኔ ጥናቱን ወደ መስክ እመልሰው ነበር። መለያዬ ይኸው ነው። ባለው መረጃ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ መልሱ ሳይገለበጥ የሚታረም ከሆነ ጥቃቅን ነው። የእርማቱ መስመር መብዛትና ማነሱ መለያ አይሆነኝም። የፊደል ግድፈት ሁለት መቶ ቦታ ቢኖር ጥቃቅን ነው፤ ማጠቃለያውን የሚገለብጥ አንዲት ቁጥር ግን ከባድ ናት።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ያሳስበኛል፤ ከጥናቱ ወጥቶ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሄደው እሱ ነውና። አጥኚው የግብርና ሥልጠና የወሰዱትንና ያልወሰዱትን አወዳድሮ የኦድስ ሬሾው 3 ሆነለት። ከዚያ «ሥልጠና የወሰደ አርሶ አደር እርከን የመሥራት ዕድሉ በሦስት እጥፍ ይበልጣል» ብሎ ጻፈ። ጥሬ ቁጥሩን እንየው። ካልሠለጠኑት 200 ሰዎች 100ው፣ ማለትም 50 በመቶው ሠርተዋል። የዚህ ሦስት እጥፍ 150 በመቶ ነው። ከመቶ ሰው መቶ ሃምሳው እርከን ሊሠራ አይችልም። ከሠለጠኑት 140 ሰዎች የሠሩት 105፣ ማለትም 75 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ የ50 እና የ75፣ አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

ታዲያ 3 ከየት መጣ? ኦድስ የሚባለው የሠሩት ላልሠሩት ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። በሠለጠኑት ዘንድ 105 ለ35፣ ማለትም 3፤ ባልሠለጠኑት ዘንድ 100 ለ100፣ ማለትም 1። የሁለቱ ንጽጽር 3 ነው። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ቁጥሩን ወደ ቋንቋ የመለሰው እጅ ነው። ድርጊቱ ከመቶ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ የሚያደርገው ቢሆን ሁለቱ ንጽጽሮች ተቀራራቢ ስለሚሆኑ ስህተቱ ባልታየ ነበር። እርከን ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው የሚሠራው ነገር ስለሆነ ልዩነቱ ይሰፋል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሥልጠናው ነው እርከኑን ያሠራው ለማለትም ይህ መረጃ አይበቃም። ለሥልጠና የሚጠሩት ብዙ ጊዜ ቀድመው የበረቱት፣ ሞዴል የሚባሉት አርሶ አደሮች ናቸው። መጀመሪያ እርከን ሠርቶ ኋላ የሠለጠነ ይኖራል። መጠይቁ ሁለቱንም በአንድ ቀን ስለጠየቀ የቱ እንደቀደመ አይናገርም። አጥኚው «ሥልጠናው ጨመረ» ከሚል «አብሮ ታየ» ቢል እውነቱን ይናገራል።

ሦስተኛው ቀላል ነው። ርእሱ «በቦረና ወረዳ» ይላል፤ የተመረጡት ቀበሌዎች ግን ሦስቱም ደጋና ወይና ደጋ ናቸው። ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ አልተጠየቀም። እዚያ ተዳፋቱም ሰብሉም ሌላ ነው፤ ደጋ ላይ እርከን የሚያሠራ ምክንያት ቆላ ላይ ላያሠራ ይችላል። ርእሱ በሦስቱ ቀበሌዎች ከተወሰነና ምርጫው በመንገድ ቅርበት መደረጉ ከተጻፈ ይበቃል። የያማኔ ቀመር ይህን አያድንም፤ ስንት ሰው እንደሚጠየቅ እንጂ የት ያለ ሰው እንደሚጠየቅ አይነግርም።

እንግዲህ ሪፖርቱ ይህን ይመስላል፦

«ጥናቱ በጥቃቅን ማስተካከያ እንዲያልፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ መረጃው ተሟልቶ ተያይዟል፤ ዋናው ማጠቃለያ ከእርማቱ በኋላም ይጸናል። አንደኛ፣ በአኅጽሮቱ 58.1 የተባለው 60.3 በመቶ ይባል፤ የጎደሉት 13 አባወራዎች ሁሉም ከሦስተኛው ቀበሌ መሆናቸውና ውጤቱ በ58.1 እና በ61.8 መካከል እንደሚሆን በአንድ አንቀጽ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ «በሦስት እጥፍ» የሚለው በአኅጽሮቱ፣ በውጤቱና በምክረ ሐሳቡ ወጥቶ 75 እና 50 በመቶ በሚሉት ይተካ፤ ሥልጠናን ምክንያት የሚያደርገው አገላለጽም ይታረም። ሦስተኛ፣ ርእሱ በተጠኑት ቀበሌዎች ይወሰን፤ ምርጫው በመንገድ ቅርበት መደረጉም ይጻፍ። አዲስ መረጃ መሰብሰብ አያስፈልግም። የፊደል ግድፈቶቹን በጥራዙ ዳር ላይ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።»

ይኸው ነው። ተማሪው ይህን ይዞ በሁለት ቀን ይጨርሳል። ቋንቋህን አስተካክል ከተባለ ግን፣ እኔ እንደሆንኩት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ሦስቱንም ስህተት ሳይነካ ያስጠርዛል።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። የውጭ ገምጋሚ እንግዳ ነው፤ ዲፌንሱ እንዳለቀ መንገደኛ ይሆናል። ፊርማውም ብዙ ጊዜ ከእርማቱ በፊት በዚያው ቀን ከወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ ተመልሶ አይመጣማ። ከዚያ በኋላ እርማቱ መደረጉን የሚያየው አማካሪው ወይም የውስጥ ገምጋሚው ነው፤ ወረፋና የምረቃ ቀን ሲያጣድፍ ደግሞ ማንም የማያየው ጊዜ አለ። ስለዚህ በሪፖርቴ መጨረሻ አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ተማሪው የእያንዳንዱን እርማት የቀድሞ ገጽና አዲስ ገጽ ጎን ለጎን ጽፎ በአንድ ወረቀት ያያይዝ፣ የውስጥ ገምጋሚውም ሦስቱን ቦታ ከፍተው ካዩ በኋላ ይፈርሙ። ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ሲላክልኝ ቀድሜ የምፈልገው የሦስተኛውን ቀበሌ መስመር ነው። 81 ተገኙ፣ 13 አልተገኙም የሚለውን ሳነብ ፈቃዴን እልካለሁ።