የወገብ ሕመም ሁሉ ወለምታ አይደለም



ወገባችንን ባመመን ቁጥር «ወለም ብሎኝ ነው» እያልን ወደ ወጌሻ መሮጣችን ትክክል አይመስለኝም። የተሳበ ጡንቻ ሕመሙ በወገብና በመቀመጫ አካባቢ ይቆያል፤ ከጉልበት በታች እምብዛም አይወርድም። አንድ መምህር ባልደረባዬን ግን ሕመሙ ከመቀመጫው ተነሥቶ እስከ እግሩ ጣት እንደ እሳት ይወርድበት ነበር፤ ሲያስለው ይብስበታል፤ አውራ ጣቱም ደንዝዞ ነበር። ሁለት ጊዜ ቢታሽም አልተሻለውም። የተቆጣው ነርቩ ነበርና። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ አብጦ የነርቩን ሥር መጫኑ ነው። ይህም ቢሆን አብዛኛውን ሰው በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። ነገር ግን እግር ከሰነፈ፣ ሽንት እንቢ ካለ ወይም በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ ሳያድሩ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

አንድ መምህር