ጻፈና አስጻፈ በእንግሊዝኛ ሰዋስው

በቤታቸው ልጆቻቸውን የእንግሊዝኛ ደብተር የሚያስጠኑ ወላጆች ሁሉ፣ «ይህን ዐረፍተ ነገር ለውጠህ ጻፍ» የሚለውን ጥያቄ ያውቁታል። ከዚህም ጥያቄ ልጆችን እጅግ የሚያስቸግረው የአስደራጊው ክፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን አንዱን ነገር ብቻ እንመረምራለን፤ የእንግሊዝኛውንም ቃል ድምፁን ተከትለን በፊደላችን እንጽፋለን።

በቋንቋችን አድራጊውን አስደራጊ ለማድረግ ከግሡ ራስ ላይ ፊደል መጨመር ይበቃል። ጻፍሁ ያለ ሰው በገዛ እጁ ጽፏል፤ አስጻፍሁ ያለ ግን ጸሐፊ አዝዞ ነው። እንግሊዝኛ ግን ይህን የመሰለ ፊደል ስለሌለው፣ «ሃቭ» የሚባለውን ግሥ ያመጣና ሥራውን በቃላት አቀማመጥ ይፈጽመዋል።

እነሆ፣ በደብተሩ «ዘ ክለርክ ሮት ማይ ሌተር» ተብሎ ተጽፏል እንበል፤ ይኸውም ጸሐፊው ደብዳቤዬን ጻፈ ማለት ነው። ልጁም በ«አይ» ጀምረህ ለውጥ ተብሏል። አስቀድሞ የግሡን ጊዜ ይመልከት፤ «ሮት» ኀላፊ ነውና «ሃቭ»ም በኀላፊ «ሃድ» ይሆናል። ቀጥሎ የተሠራውን ነገር «ማይ ሌተር» ያኑር። በመጨረሻም የግሡን ሦስተኛ መልክ «ሪትን» ያግባ። እንግዲህ መልሱ «አይ ሃድ ማይ ሌተር ሪትን» ነው፤ ደብዳቤዬን አስጻፍሁ ማለት ነው። ጊዜው ቢለወጥ የሚለወጠው «ሃቭ» ብቻ ነው። ጸሐፊው ወደ ፊት የሚጽፍ ቢሆን «አይ ዊል ሃቭ ማይ ሌተር ሪትን» ይባላል፤ አሁን በመጻፍ ላይ ያለ እንደ ሆነ «አይ አም ሃቪንግ ማይ ሌተር ሪትን» ይባላል። «ሪትን» ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ልጆች ብዙ ጊዜ የሚስቱት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በሦስተኛው መልክ ፈንታ ሁለተኛውን «ሮት»ን ማግባት ነው። ይህን ለመለየት «ደብዳቤው ተጻፈ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ይበል፤ «ዘ ሌተር ዎዝ ሪትን» ይላልና ከ«ዎዝ» በኋላ የተስማማው መልክ እርሱ ትክክለኛው ነው። ሁለተኛው ስሕተት የቃሉን ስፍራ ማዛወር ነው። «አይ ሃድ ሪትን ማይ ሌተር» ያለ እንደ ሆነ፣ ቃሉ ሁሉ ያው ሳለ ትርጓሜው ተገልብጦ፣ እኔው ራሴ አስቀድሜ ደብዳቤዬን ጽፌ ነበር ማለት ይሆናል።

ይህ ለተማሪ ቤት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ሹም ለውጭ አገር መሐንዲስ «ዊ ሃድ ዘ ብሪጅ ሪፔርድ» ብሎ ቢጽፍ፣ ድልድዩን አስጠገንን ማለቱ ነውና የጠገነው ሌላ ሠራተኛ ነው። «ዊ ሃድ ሪፔርድ ዘ ብሪጅ» ቢል ግን እኛው ጠግነነው ነበር ማለት ይሆናል። እንግዲህ ደመወዙ ለማን እንደሚከፈል፣ ሥራው ቢበላሽም የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ በአንዲት ቃል ስፍራ ይለያያል።

ደግሞም በእኛ ቋንቋ ደብዳቤውን አስጻፍሁት፣ ጸሐፊውንም አስጻፍሁት ስንል ግሡ አይለወጥም። በእንግሊዝኛ ግን ይለወጣል። ከ«ሃድ» በኋላ ሥራውን የሚሠራው ሰው የተጠራ እንደ ሆነ ግሡ ባልተለወጠ መልኩ ይገባል፤ «አይ ሃድ ዘ ክለርክ ራይት ማይ ሌተር» ይባላል። በ«ሃድ» ፈንታ «ጎት» የመጣ እንደ ሆነ ግን «ቱ» ይጨመራል፤ «አይ ጎት ዘ ክለርክ ቱ ራይት ማይ ሌተር» ይሆናል፤ ይህም ለምኖ ወይም አግባብቶ ማስጻፍን ያመለክታል። የተሠራው ነገር በመካከል ሲሆን ግን በ«ጎት»ም ቢሆን ያው ሦስተኛው መልክ ነው፤ «አይ ጎት ማይ ሌተር ሪትን»። ስለዚህ ልጁ ግሡን ከመምረጡ በፊት፣ በመካከል ያለው ሠሪው ነው ወይስ የተሠራው ነገር ነው ብሎ ይጠይቅ።

ነገር ግን እንዲህ ያለ አቀማመጥ ሁሉ ትእዛዝን አያሳይም። «ሂ ሃድ ሂዝ ዎች ስቶለን» ቢል ሰዓቱን አሰረቀ ተብሎ አይተረጐምም፤ ሰዓቱ ተሰረቀበት ማለት ነው እንጂ። በአንዱ ሰውዬው ፈቅዶ አዝዟል፤ በሌላው ሳይፈቅድ ጉዳት ደርሶበታል። ይህን የሚለየው የነገሩ አካሄድ ነውና፣ ልጁ ዐረፍተ ነገሩን ከመለወጡ በፊት ጠቅላላውን አንብቦ ምሥጢሩን ያስተውል።