«ደመወዝ በስምምነት» ብሎ ማስታወቂያ ይቅር!

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ። በተለይ ሸሕዲና መተማ ዮሐንስ ሆቴል ያላችሁ፣ እናንተን ነው የምፈልገው።

ባለፈው አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ሥራውን ለቀቅሁ» አለችኝ። ከጎንደር ተነስታ በራሷ ትራንስፖርት ሸሕዲ ወርዳ፣ እንግዳ ተቀባይ ሆና ከተቀጠረች ገና አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። ምን ሆነሽ ብላት ማስታወቂያውን በስልክ ላከችልኝ። «እንግሊዝኛና አረብኛ አቀላጥፋ የምትናገር፣ በፈረቃ መሥራት የምትችል፣ ዲግሪ ያላት፣ ደመወዝ በስምምነት» ይላል። በቃ ይኼው ነው።

ስትደርስ «ፈረቃ» የተባለው 24 ሰዓት ሠርቶ 24 ሰዓት ማረፍ ሆኖ ተገኘ። «ስምምነት» የተባለው ደግሞ ባለቤቱ ቁጥሩን ተናግሮ እሷ «እሺ» ማለት ነው። ቤት ተከራይታለች፣ የመመለሻ ብር የላትም፤ ሌላ ምን ትበል? የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ የሚያደርጉት ነውና አንዱን ነጥሎ መውቀስ ጥቅም የለውም።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ሆቴል ያለው ወዳጄ «መምህር፣ እስቲ ጥሩ ማስታወቂያ ጻፍልኝ፤ የምቀጥራቸው ሁሉ ወር አይቆዩም» አለኝ። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው።

በቋንቋው ጀመርን። «አረብኛ ለምን ትፈልጋለህ?» አልኩት። «ሱዳኖች ይመጣሉ» አለ። ታዲያ ሱዳናዊው እንግዳ መጥቶ «ፊ ኦዳ ፋድያ?» ሲል ባዶ ክፍል አለ ወይ ማለቱ እንደሆነ የሚገባው፣ ዋጋ የሚናገር፣ ውሃ ሲጠፋ መቼ እንደሚመጣ የሚያስረዳ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ይኼ የሱዳን መንገድ አረብኛ ነው፤ የመጽሐፍ አረብኛ ሌላ ነው። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል ከተመለሱት ወገኖቻችን መካከል ይኼን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻቸው የሚናገሩ አሉ። ግን ዲግሪ የላቸውም፤ «ዲግሪ ያላት» የሚለውን አይተው አያመለክቱም። ዲግሪ ያላት ልጅ ደግሞ «አቀላጥፋ» የሚለውን አይታ ወይ ትፈራለች ወይ ትዋሻለች። ስለዚህ የቋንቋውን ስም ብቻ አትጻፉ፤ በቋንቋው የሚሠራውን ሥራ ጻፉ። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው፦ ፓስፖርት ላይ ያለውን ስም አንብቦ መዝገብ ላይ መጻፍ፣ በስልክ ክፍል መያዝ። በፈተናው ቀንም ያንኑ አሠሯቸው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ቀጥሎ ፈረቃ። እዚህ ላይ ወዳጄ ትንሽ ተቆጣ። «ሌሊት እንግዳ የለም፤ ሶፋው ላይ ይተኛሉ እኮ!» አለኝ። እውነት ነው፣ ይተኛሉ። ግን በር ሲንኳኳ የምትነሳው እሷ ናት፤ ዕቃ ቢጠፋ የምትጠየቀውም እሷው። ይኼ እረፍት ነው እንዴ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። 24 በ24 የምትሠራ ልጅ በአማካይ በሳምንት 84 ሰዓት ትሠራለች። የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ በሳምንት 21 የስምንት ሰዓት ፈረቃ አለው። ሦስት ሠራተኛ እያንዳንዳቸው ስድስት ቀን ቢሠሩ 18 ይሸፍናሉ፤ ሦስት ፈረቃ ይተርፋል። ያንን ወይ ባለቤቱ ይቀመጥበት፣ ወይ በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ አራተኛ ሰው ይቀጠር። «ሦስት ሰው ይበቃኛል» ካላችሁ የሆነ ሰው የእረፍት ቀኑን እያጣ ነው ማለት ነው። በትርፍ ሰዓት እሸፍናለሁ የሚልም አለ፤ አዋጁ ግን ትርፍ ሰዓትን ለድንገተኛና አስቸኳይ ነገር ነው የፈቀደው፣ ለየሳምንቱ ፕሮግራም አይደለም። ሲሠራም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በአንድ ተኩል ሳይሆን በ1.75 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው።

ሌላም አለ። የከሰዓቱ ፈረቃ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ያልቃል። በዚያ ሰዓት ሸሕዲ ላይ ባጃጅ ከየት ይመጣል? ማደሪያ ክፍል ትሰጣላችሁ ወይስ አትሰጡም? ይኼ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ አለበት፤ አንዲት ልጅ ሥራውን መያዝ መቻል አለመቻሏን የሚወስነው እሱ ነውና።

የመጨረሻው ገንዘቡ ነው። «ደመወዙን ከጻፍኩ የድሮዎቹ ሠራተኞች ያዩና ጨምርልኝ ይላሉ» አለኝ። እውነተኛው ምክንያት ይኼው ነው፤ ስለነገረኝ አመሰገንኩት። ግን ወዳጄ፣ አዲሷ ከገባች በሳምንቷ ይነግሯት የለ? እዚህ አገር ደመወዝ ተደብቆ ያውቃል?

እንግዲህ 6,000 ብር እንበል። ይኼ ጥቅል ነው። በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ የቀረው 2,000 በ20 በመቶ 400 ብር ይቆረጥበታል። ጡረታ 7 በመቶ 420 ብር ነው። እጇ ላይ የሚደርሰው 4,880 ብር ነው። «6,000» ብቻ ተብሎ ከተነገራት በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን የተሰረቀች ነው የሚመስላት። ይኼው 6,000 ብር በወር ለ208 ሰዓት ሲሆን በሰዓት ወደ 29 ብር ነው፤ በ24 በ24 ግን 360 ሰዓት ስለሚሆን ወደ 17 ብር ይወርዳል። ለዚህ ነው ፈረቃ ያልተጻፈበት ደመወዝ ምንም የማይነግረን።

ሰርቪስ ቻርጅና ጉርሻን ደግሞ ደመወዝ ላይ ደምራችሁ አትጻፉ። ሕጉም እንግዳ የሚከፍለውን ሰርቪስ ቻርጅ ደመወዝ ብሎ አይቆጥረውም። ደግሞስ ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ጊዜ ክፍል የማይገኝበት ከተማ ክረምት ላይ ጭር እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ዓመት በጥሩው ወር ስንት፣ በመጥፎው ወር ስንት እንደደረሳቸው ለይታችሁ ጻፉ።

ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን የጻፍነው ይኼን ነው፤ ቁጥሩን በራሳችሁ ቀይራችሁ ውሰዱት፦

«እንግዳ ተቀባይ፣ ብዛት 2፣ ጾታ አይለይም። የሥራ ቦታ ሸሕዲ። የሱዳን አረብኛ በቃል፦ ክፍልና ዋጋ ማስረዳት፣ ቅሬታ መቀበል። እንግሊዝኛ፦ ፓስፖርት አንብቦ መመዝገብ። ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ ቋንቋው ይፈተናል። ፈረቃ፦ ከጠዋቱ 12–8፣ ከቀኑ 8–ምሽቱ 4፣ ከምሽቱ 4–ንጋቱ 12፤ በየሳምንቱ ይዞራል፤ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት። የከሰዓትና የሌሊት ተረኛ ማደሪያ አለው። ደመወዝ ጥቅል 6,000፣ ተቆርጦ 4,880 ብር። ሰርቪስ ቻርጅ በየወሩ ይለያያል፤ ያለፈውን ዓመት ዝርዝር በቃለ መጠይቅ ቀን እናሳያለን። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን።»

ወዳጄ አንብቦ «ይኼን አይቶ ማን ይመጣል?» አለኝ። ጥቂት ሰው ይመጣል። የሚመጣው ግን አውቆ ነው የሚመጣው፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ሻንጣውን አይሸክምም።

ተማሪዎቼ፣ ለእናንተም አንድ ነገር ልበል። ማስታወቂያው ላይ ሰዓቱና ብሩ ከሌለ፣ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቴሌግራም ጽፈው እንዲልኩላችሁም ንገሯቸው። መጠየቅ ነውር አይደለም።